ስድስት ሺህ ብሩ የት ገባ?

ሁለት የቅጥር ደብዳቤ ይዤ ሳምንት ሊሆነኝ ነው። ሁለቱም ለሒሳብ ሠራተኛ ነው። ጀሞ ያለው 28 ሺህ ብር ይላል። እዚሁ አያት፣ ከቤቴ በእግር 20 ደቂቃ የሚያስኬደው ደግሞ 22 ሺህ። እህቴ ስትሰማ «ስድስት ሺህ ብር እኮ ነው! ይሄ ደግሞ ይታሰባል?» አለችኝ።

የሰው ደመወዝ ስሠራ ነው የኖርኩት፤ የራሴን ግን ማታ ነው ቁጭ ብዬ የሠራሁት። ከ14 ሺህ ብር በላይ ያለው ደመወዝ 35 በመቶ ግብር ይቆረጥበታል። 7 በመቶ ጡረታም አለ። ሁለቱም ደመወዞች ከ14 ሺህ ስለሚበልጡ፣ ልዩነቱ እንዳለ የሚቆረጠው በዚሁ ነው። ከስድስት ሺህ ብሩ 2,100 ለግብር፣ 420 ለጡረታ ይሄዳል። ለእኔ 3,480 ይቀረኛል። የጀሞው የተጣራ 18,290፣ የአያቱ 14,810 ማለት ነው።

ሰኞ ሥራ እንዳለው ሰው 12 ሰዓት ላይ ከቤት ወጣሁ። ሞኝነት ይመስላል፤ ግን ካልሄዱበት አይታወቅም። ከአያት መገናኛ፣ ከመገናኛ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ጀሞ፤ ሦስት ታክሲ። መገናኛ ላይ ሰልፉ ብቻ 35 ደቂቃ ወሰደብኝ። ጀሞ ስደርስ 2 ሰዓት ሊሆን 10 ደቂቃ ቀርቶታል። ማታ ስመለስ ደግሞ ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጀብኝ። እስከ ሜክሲኮ ባቡር አለ፤ ይረክሳል። ግን ጠዋት ጠዋት ሰው አፍኖት ስለሚመጣ ልተማመንበት አልደፈርኩም።

ደርሶ መልስ 140 ብር ወጣብኝ። በወር 22 ቀን ብንል 3,080 ይሆናል። የተረፈኝ 400 ብር ነው። ምሳ ገና አልቆጠርኩም፤ አያት ብሆን ቤቴ ገብቼ እበላለሁ። መንገዱ ደግሞ ከአያቱ በወር 73 ሰዓት ያህል የበለጠ ይወስድብኛል። ለሰዓት 6 ብር እንኳ አይሞላም።

እዚህ ላይ ደብዳቤውን ቀድጄ መጣል ነበረብኝ። ያልጣልኩት በአንድ ነገር ነው። ነገ ሌላ ቦታ ባመለክት መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «አሁን ስንት ይከፈልሃል?» ብለው ነው። ከ22 ሺህ ተነስቶ መደራደርና ከ28 ሺህ መነሳት አንድ አይደለም። ዓመታዊ ጭማሪውም በመቶኛ ነው የሚሰላው። ጡረታዬም እንደዚያው። ታክሲ ዘንድሮ የሚበላውን ብር የዛሬ ሦስት ዓመት ላገኘው እችል ይሆናል። ይሄን ለእህቴ አልነገርኳትም፤ ወዲያው «አላልኩህም?» ትላለች።

ትናንት የአያቱ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ክፍል ደወልኩ። 25 ሺህ አድርጉልኝ አልኩ። የሚጨመርልኝ 3 ሺህ ተቆርጦ 1,740 ነው የሚሆነው፤ ግን መነሻዬን ከፍ ያደርገዋል። ሴትዮዋ ትንሽ ዝም አለችና «ለሥራ አስኪያጁ አቀርባለሁ፤ እስከ ሐሙስ እንደውልልሃለን» አለችኝ።

የጀሞዎቹ መልስ የሚጠብቁት እስከ ዓርብ ነው። ዛሬ ረቡዕ ነው። ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰክቼዋለሁ።