የተጣበቀ ራም ስነቅል ክሊፑን እንዴት እንዳጎበጥኩት

ይህን የምጽፈው ካቻቢቴ ይዛችሁ ላፕቶፕ ላይ ከማጎንበሳችሁ በፊት እንዲደርሳችሁ ነው። ለእኔ ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ሥራው ቀላል ነበር፤ 8 ጊጋባይቱን ዲዲአር4 ራም አውጥቼ በ16 መተካት። ቻርጀሩን ነቀልኩ፣ የጀርባ ክዳኑን ከፈትኩ፣ ባትሪውን ከማዘርቦርዱ አላቀቅኩ። የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲወጣም ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንድ ተጭኜ ያዝኩ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰላም ነው።

መመሪያው ከዚያ በኋላ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ራሙን ግራና ቀኝ የያዙትን ሁለቱን ክሊፖች ወደ ውጭ ግፉ፣ ራሙ ብድግ ይላል። ገፋሁ። ቀኙ ትንሽ ብድግ አለ። ግራው ንቅንቅ አላለም። ብድግ ካላለስ? መመሪያው ስለዚህ አንድ ቃል የለውም። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ያኔ ያደረግኩትን አታድርጉ። የተነሳውን ቀኝ ጎን ይዤ ወደ ላይ ሳብኩ። እምቢ ሲለኝ ቀጭን ካቻቢቴ በግራው ክሊፕና በራሙ መካከል ሰክቼ ፈለቀቅኩት። ክሊፑ ወደ ውጭ ሄደ፤ ግን ተመልሶ አልመጣም። ከሥሩ ጎብጧል። ራሙ ደግሞ አሁንም እዚያው ነው።

እጄን ሰብስቤ በስልኬ መብራት ከጎን ሳየው ነው ነገሩ የገባኝ። በራሙ ግራና ቀኝ ጠርዝ ላይ ግማሽ ክብ ጎድጎድ አለ። የክሊፑ ትንሽ ጉብታ እዚያ ውስጥ ትገባለች፤ ጫፉ ደግሞ ራሙን ከላይ ይጫነዋል። ራሙ የሚሰካበት ስሎት ጥርሶች እንደ ስፕሪንግ ራሙን ሁልጊዜ ወደ ላይ ይገፉታል። አንዱ ጎን ብቻ ሲለቀቅ ራሙ ይጣመማል፣ የቀረው ጎን ክሊፑ ላይ ይነክሳል። እኔ በሳብኩ ቁጥር ንክሻውን አጠበቅኩት እንጂ አላላላሁትም። ከሥሩም ሙቀት የሚያስተላልፍ ለስላሳ ፓድ ነበር፤ ከጊዜ ብዛት እንደ ማስቲካ ተጣብቋል።

መፍትሔው ከመመሪያው ተቃራኒ ሆነ፤ ራሙን መጀመሪያ ወደ ታች መጫን። የተነሳውን ቀኝ ጎን መልሼ እስኪቆለፍ ተጫንኩ። የፀጉር ማድረቂያ በዝቅተኛ ሙቀት ከራቅ አድርጌ ለአንድ ደቂቃ ያህል አሞቅኩት፣ ፓዱ ለስለስ እንዲል። ከዚያ በሁለት አውራ ጣቶቼ የራሙን ሁለት ማዕዘኖች በቀስታ ወደ ታች ያዝኩ። በጠቋሚ ጣቶቼ ጥፍር ደግሞ ሁለቱን ክሊፖች እኩል ከፈትኩ። የሚያስፈልገው አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ጉብታዋ ከጎድጎዱ ከወጣች በቃ። ክሊፖቹን ሳልለቅ አውራ ጣቶቼን ቀስ ብዬ አነሳሁ። ራሙ በራሱ ተነስቶ 30 ዲግሪ አካባቢ ቆመ። ያ ሁሉ ትግል ለዚህ ነበር!

ከቆመ በኋላም ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ አትሳቡት። በቆመበት ዘንበል ልክ፣ ጠርዞቹን ይዛችሁ፣ አንዴ ከግራ አንዴ ከቀኝ በትንሽ በትንሹ ሳቡ።

አዲሱን ራም ስከት የጥፋቴ ዋጋ መጣ። ቀኙ ቀጭ ብሎ ተቆለፈ፣ ግራው ግን እየተነሳ አስቸገረኝ። ላፕቶፑን ሳበራው መብራቱ በራ፣ እስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። ራም በደንብ ካልተቀመጠ ከሚያሳያቸው ምልክቶች አንዱ ይሄ ነው። ባትሪውን እንደገና አላቀቅኩ፣ ራሙን አወጣሁ። ጫፉ ጠፍጣፋ በሆነ ወረንጦ ክሊፑን ከጫፉ ሳይሆን ከጎበጠበት ሥር ይዤ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በጣም በዝግታ መለስኩት። ብረቱ ቀጭን ነው፤ ወዲያና ወዲህ ከተመላለሰ ይሰበራል። ከተሰበረ ደግሞ መዳኛው ስሎቱን ከማዘርቦርዱ ነቅሎ በሌላ መበየድ ነው፤ እሱ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ አይደለም።

ካቻቢቴን ከክሊፕ አጠገብ አርቁት። መመሪያው «ተስማሚ መሣሪያ ተጠቀሙ» ቢልም፣ ጥፍር ካልደረሰ የምፈቅደው ቀጭን ፕላስቲክ ብቻ ነው። ብረት ሲጎብጥ ጣታችሁ አይሰማውም፤ ፕላስቲኩ ግን ከክሊፑ ቀድሞ ይጎብጣል። አንድ ጎን ብቻ ከተነሳም መልሳችሁ ቆልፉትና ከዜሮ ጀምሩ።

አሁን ላፕቶፑ 16 ጊጋባይቱን ያያል። ግራው ክሊፕ ግን ከቀኙ ይላላል። ክዳኑን በከፈትኩ ቁጥር መጀመሪያ የምነካው እሱን ነው።