ፒ-ቫልዩን በሃያ ቁራጭ ወረቀት

አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ የጥናቷን ማጠቃለያ ይዛልኝ መጣች። ሃያ ተማሪዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍላ አሥሩን በአዲስ የአጠናን ዘዴ፣ አሥሩን በነባሩ አስጠንታለች። በፈተና የአዲሱ ቡድን አማካይ በ6 ነጥብ በልጧል። አጠገቡ p = 0.04 ተብሎ ተጽፏል።

«ይሄ ምን ማለት ነው?» አልኳት።

«ዘዴው የመሥራቱ ዕድል 96 በመቶ ነው ማለት ነዋ፣ መምህር።»

በቃል ላስረዳት ሞከርኩ፤ አልሆነም። ያ የኔ ስህተት ነበር። ትርጉሙን ከመስማቷ በፊት ቁጥሩ ሲወለድ ማየት ነበረባት።

ስለዚህ ወረቀት ቀደድን። ሃያውን ውጤት በሃያ ቁራጭ ላይ ጻፍን፤ የየትኛው ቡድን እንደሆነ ግን አልጻፍንም። ዘዴው ምንም ለውጥ ካላመጣ፣ እያንዳንዱ ተማሪ የትኛውም ቡድን ቢደርሰው ያንኑ ውጤት ያመጣ ነበር። እንግዲያው ወረቀቶቹን በውዘን አሥር አሥር አድርገን ብንከፍላቸው ችግር የለውም።

በወዝናቸው። የአማካዮቹ ልዩነት 1 ነጥብ ሆነ። ደግመን በወዝን፤ አሁን በ3 የበለጠው ሌላኛው ወገን ነው። ሃያ ጊዜ በእጃችን ከሠራን በኋላ ለኮምፒውተር ሰጠነውና 10,000 ጊዜ በወዘ። 6 ነጥብና ከዚያ በላይ ልዩነት፣ ወደ የትኛውም ወገን፣ የመጣው 400 ጊዜ ገደማ ነው። ከመቶ አራት።

ዝም ብላ ስታየው ቆየችና «ታዲያ 0.04 የተቆጠረው ዘዴው በማይሠራበት ዓለም ውስጥ ነዋ!» አለች።

አዎ! ዘዴው አይሠራም ብለን ተነስተን ነው የቆጠርነው። ስለዚህ ቁጥሩ የሚነግረን እንዲህ ያለ ልዩነት በዕጣ ብቻ ምን ያህል ጊዜ እንደሚገጥም ነው። መነሻችን እውነት የመሆኑን ዕድል አይነግረንም። 96 በመቶም ከዚህ አይወጣም። ዘዴው የሚያመጣው ለውጥ ትልቅ ይሁን ትንሽም አይነግረንም፤ ለዚያ 6 ነጥቡን ራሱን ማየት ነው።

ልትሄድ ስትነሳ «ስንት ፈተና ነበር የሰጠሻቸው?» አልኳት። ይህን መጀመሪያ መጠየቅ ነበረብኝ።

«አምስት። ልዩነት ያሳየው ግን ይሄ ብቻ ስለሆነ ሌሎቹን ተውኳቸው።»

ነገሩ እዚህ ጋ ተቀየረ። ምንም የማይሠራ ዘዴ እንኳ በአንድ ፈተና ላይ ፒ-ቫልዩው ከተለመደው የ0.05 ወሰን በታች የመውረድ ዕድሉ ከመቶ አምስት ገደማ ነው። አምስት ጊዜ ከተሞከረና ፈተናዎቹ እርስ በርስ ካልተያያዙ፣ ቢያንስ አንዱ የመውረድ ዕድሉ ከመቶ ወደ 23 ይደርሳል። የሷ ፈተናዎች የሚያያዙ ስለሆኑ ቁጥሩ ከዚህ ያነሰ ይሆናል፤ ከአምስት ግን ይበልጣል። ማጠቃለያውን ብቻ የሚያነብ ሰው ይህን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

ማጠቃለያዋን እዚያው ተቀምጣ አስተካከለች፦ «በአምስት ፈተናዎች አወዳድረናል። በአንዱ የ6 ነጥብ ልዩነት ታይቷል (p = 0.04)፤ በአራቱ ግልጽ ልዩነት አልታየም። ውጤቱ በሌሎች ተማሪዎች ላይ እንደገና መሞከር አለበት።»