72 ስላይድ ከመጭመቄ በፊት የሠራሁት ሰንጠረዥ

የካቲት ላይ አንድ ፓወርፖይንት በኢሜይል ደረሰኝ። 72 ስላይድ ነው። በጅማ ዞን በጎማ፣ በማና እና በሊሙ ኮሳ ወረዳዎች ያሉ የቡና ገበሬ ማህበራት የዓመት ሥራ ነው ውስጡ ያለው። ሦስት ሰዎች ተከፋፍለው ሠርተውታል፣ ከዚያ አንዱ ሰብስቦ አያይዞታል። የኔ ድርሻ ለሰኞ ስብሰባ ወደ ሁለት ገጽ መጭመቅ ነበር።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ይህንኑ ሥራ ሰጥተውኝ ነበር። ያኔ ከስላይድ 1 ጀምሬ እያነበብኩ እያሳጠርኩ ነው የሄድኩት። ሁለተኛው ገጽ ላይ የጻፍኩት ቁጥር ከመጀመሪያው ገጽ ጋር አይገጥምም፤ እኔ ግን አላየሁትም። ስብሰባው ላይ አንዱ «የቱን እንመን?» ሲል ግማሽ ሰዓት በዚያ ላይ አለቀ፤ ለገበሬው የሚከፈለው ዋጋ ጉዳይ ሳይነሳ ተበተንን። በጣም ነው የከፋኝ። ስለዚህ ዘንድሮ አንድም ዓረፍተ ነገር ሳልጽፍ በፊት ቁጥሮቹን እርስ በርስ ላነጻጽር ወሰንኩ።

ኤክሴል ከፈትኩና አምስት ዓምድ ሠራሁ፦ የስላይድ ቁጥር፣ ስለምን እንደሆነ፣ የተባለው ነገር ወይም ቁጥሩ፣ መለኪያው፣ የመቼ እንደሆነ። ስላይዱ ላይ እንዳለው ነው የምገለብጠው፤ ቶኑን ወደ ኩንታል አልቀይርም፣ አላርምም። መለኪያው ካልተጻፈ ሳጥኑን ባዶ እተወዋለሁ። ባዶ ሳጥን በኋላ የምጠይቀው ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ ጊዜ ለመቆጠብ `Outline View` ውስጥ ገብቼ ጽሑፉን ብቻ ላነብ ሞክሬ ነበር። አያዋጣም። እዚያ የሚታየው በርዕሱና በዋናው የጽሑፍ ሳጥን ውስጥ ያለው ብቻ ነው። ለብቻው የተጨመረ ሳጥን፣ ሰንጠረዥ፣ ግራፍ፣ ፎቶ ሆኖ የተለጠፈ ነገር አይታይም፤ ቁጥሮቹ ደግሞ በብዛት የሚቀመጡት እዚያ ነው። ስለዚህ አንድ በአንድ ገለጥኩት። ሁለት ሰዓት ተኩል ወሰደብኝ።

ቀጥሎ ያደረግኩት ነገር ነው ሁሉንም የገለጠው፤ ሰንጠረዡን በስላይድ ቁጥር ሳይሆን በ«ስለምን» ዓምድ ደረደርኩት። በ49 ስላይድ ተራርቀው የነበሩ ሁለት መስመሮች ጎን ለጎን መጡ።

ስላይድ 9 «ለማጠቢያ ጣቢያዎቹ የቀረበ ቡና 4,200 ኩንታል» ይላል። ስላይድ 31 «የቡና ምርት 700 ኩንታል»። ስላይድ 58 ደግሞ «420 ቶን እሸት ቡና»። ሲያዩት ሦስቱም የሚጣሉ ይመስላል። አንድ ቶን 10 ኩንታል ስለሆነ ግን 9 እና 58 አንድ ናቸው፤ ያው ነጥብ በሌላ ሰው እጅ፣ በሌላ መለኪያ ተደግሟል። ድግግሞሽን በቃላት ብትፈልጉት አታገኙትም፣ ምክንያቱም ሁለት ሰዎች አንድን ነገር በአንድ ቃል አይጽፉም። ሳላስተውል ብጨምቀው ኖሮ «4,200 ኩንታል ቀርቧል፤ በተጨማሪም 420 ቶን» ብዬ አንዱን ቡና ሁለት ጊዜ እቆጥረው ነበር።

700ውስ? 4,200 ለ 700 ሲካፈል 6 ነው። ጅማ ውስጥ ቡና የነካ ሰው ይህን ቁጥር ያውቀዋል፤ አንድ ኪሎ ንጹህ የታጠበ ቡና ለማግኘት ከአምስት እስከ ስድስት ኪሎ ቀይ እሸት ይፈልጋል። ስለዚህ ስላይድ 31 ስለ እሸት ሳይሆን ታጥቦ ደርቆ ስለተፈለፈለው ቡና ነው የሚናገረው ብዬ ገመትኩ። መገመት ግን አይበቃም። ከነገለባው የደረቀ ጀንፈል ቢሆን ኖሮ ሒሳቡ ሌላ ነው፤ ከሁለት ኪሎ ጀንፈል አንድ ኪሎ ገደማ ይወጣል። ስላይዱን የሠራችውን ልጅ ደውዬ ጠየቅኳት፣ «አዎ ንጹህ ቡና ነው፣ ርዕሱ ላይ መጻፍ ነበረብኝ» አለችኝ። ተጣሉ ያልኳቸው አልተጣሉም ነበር።

(የ«መቼ» ዓምድም አንድ ነገር አዳነኝ። አንዱ ስላይድ 2016፣ ሌላው 2023/24 ይላል። ሁለት የተለያየ ዓመት ይመስላል፤ ግን ከሐምሌ የሚጀምረው ያው አንድ የበጀት ዓመት ነው።)

እውነተኛው ግጭት ከዕድገቱ ላይ ነበር። ስላይድ 15 ላይ በትልቁ «የእሸት አቅርቦት በ25 በመቶ አደገ» ተብሏል። ስላይድ 52 ላይ ያለው ግራፍ ደግሞ ያለፈውን ዓመት 3,500፣ የዘንድሮውን 4,200 ኩንታል ያሳያል። ልዩነቱ 700 ነው፤ ለ3,500 ሲካፈል 20 በመቶ። 25 አይደለም።

እዚህ ላይ አንዱን መርጦ ማለፍ ይቀላል። እኔ ግን ወደ ኋላ ሄድኩ፦ 25 በመቶ ትክክል የሚሆነው ያለፈው ዓመት ስንት ሲሆን ነው? 4,200ን ለ1.25 አካፈልኩ፣ 3,360 መጣ። ክብ ያልሆነ፣ ሰው ዝም ብሎ የማይፈጥረው ዓይነት ቁጥር ነው። 3,360ን ስፈልገው ስላይድ 63 ላይ በተደበቀ ስላይድ ውስጥ አገኘሁት፤ ስብሰባ ላይ አይታይም፣ ፋይሉ ውስጥ ግን አለ፣ ቁጥሩ ላይ ሰያፍ መስመር ተሰምሮበታል። ነገሩ ያኔ ገባኝ። ባለፈው ዓመት ሪፖርት ላይ የመጣው ቁጥር 3,360 ነበር፣ በኋላ ዘግይቶ የደረሰ የአንድ ማህበር ሰነድ ሲጨመር 3,500 ሆነ። ግራፉን አስተካክለዋል፣ ጽሑፉን ረስተውታል። ያያያዘውን ሰው ጠየቅኩት፣ አረጋገጠልኝ። 20 በመቶ ብዬ ጻፍኩ።

የመጨረሻው ቁጥር እንኳ የለውም፤ ለዚህም ነው ከሁሉም ያስቸገረኝ። ስላይድ 20 «የማጠቢያ ጣቢያው ከአቅሙ ግማሽ በታች እየሠራ ነው» ይላል። ስላይድ 66 «ተጨማሪ ጣቢያ ይገንባ» ይላል። ለየብቻ ሲነበቡ ሁለቱም ምንም አይሉም። ሰንጠረዡ ላይ ሁለቱም «የጣቢያ አቅም» ሥር ስለገቡ ነው ጎን ለጎን ያየኋቸው። ግማሹ ባዶ ከሆነ ሌላ ለምን ይሠራል?

ያንን ክፍል የሠሩትን ጋሼን ደወልኩላቸው። «ልጄ፣ ህዳር ላይ መጥተሽ እይው» አሉኝ። «ግማሽ ያልነው የወቅቱ አማካይ ነው። ቀዩ በአንዴ ሲወርድ በሦስት ሳምንት ውስጥ ጣቢያው ሞልቶ ይተርፋል፤ እሸት ደግሞ አያድርም።» ልክ ናቸው። የተለቀመ እሸት በዚያው ቀን ካልተፈለፈለ ይቦካል፣ ጣዕሙ ይበላሻል። ሁለቱም ስላይዶች እውነት ነበሩ፤ የጎደለው «በአማካይ» እና «ቡናው ሲደርስ» የሚሉት ቃላት ብቻ ነው። ጭማቂዬ ላይ ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር አገናኘኋቸውና ምክንያቱን ጨመርኩ።

ለመጠየቅ የያዝኳቸው ጥያቄዎች ስድስት ነበሩ። አምስቱ እስከ ዓርብ ተመለሱልኝ። ስድስተኛው የአባላት ቁጥር ነው፤ ስላይድ 12 ላይ 1,860፣ ስላይድ 44 ላይ 2,140፤ የጻፈው ሰው መስክ ላይ ስለነበር ስልኩ አልሠራልኝም። ሁለቱንም ቁጥር ከነስላይድ ቁጥራቸው አስቀመጥኩና «ያልተጣራ» ብዬ ጻፍኩበት። ሰኞ ጠዋት ስብሰባው ሲጀመር እዚያው ተጠይቆ በሁለት ደቂቃ ተፈታ፤ ጌራ ወረዳ አንዱ ላይ ተካቷል፣ ሌላው ላይ አልተካተተም።