ሦስት ዓምድ ያለው ደብተር፦ ቁጠባን በአገርና በምንዛሪ የመበተን የሁለት ዓመት ልምዴ

ከሁለት ዓመት በፊት ቁጠባዬን አራት ቦታ ከፋፍዬ ተረጋግቼ ተቀምጬ ነበር። አንዱ አገር ውስጥ ባለ ባንክ፣ በአገሬ ገንዘብ። ሁለተኛው እዚያው ባንክ፣ በዶላር ሂሳብ። ሦስተኛው የአገሬ መንግሥት በዶላር የሸጠው ቦንድ። አራተኛው ውጭ አገር ባለ ደላላ ድርጅት በኩል የገዛሁት የብዙ ድርጅቶችን አክሲዮን አንድ ላይ የያዘ የአክሲዮን ፈንድ ሲሆን ዋጋው የሚታየኝ በዶላር ነው። የአገሬ ገንዘብ በየወሩ ሲወርድ እያየሁ፣ ከአራቱ ሦስቱ "ዶላር" ስለሚሉ ነገሩን የጨረስኩት መስሎኝ ነበር።

አንድ ቀን ይህን ለሒሳብ ሠራተኛ ጓደኛዬ አሳየሁት። ዝርዝሩን አይቶ ብዙ አልተናገረም። ፈንዱ ላይ ጣቱን አሳርፎ "እዚህ ውስጥ ያሉት ድርጅቶች ዕቃቸውን የሚሸጡት በምን ገንዘብ ነው?" አለኝ። አላውቅም ነበር። ገብቼ ሳየው ፈንዱ የያዘው የአውሮፓ ድርጅቶችን ብቻ ነው፤ ሽያጫቸውም በአብዛኛው በዩሮ ነው። ቀጠለና "ይህ የባንክ ዶላር ደግሞ ነገ ቢከለከል ማን ይሰጥሃል?" አለኝ። ለዚያም መልስ አልነበረኝም።

ያን ማታ ደብተር አውጥቼ ሦስት ዓምድ አሰመርኩ። አንደኛው ዋጋው የሚጻፍበት ገንዘብ፣ ሁለተኛው ንብረቱ በትክክል የሚያድግበትና የሚወርድበት ገንዘብ፣ ሦስተኛው ደግሞ ቁልፉ ያለበት፣ ማለትም ገንዘቡን መልቀቅም መከልከልም የሚችለው አገር። የዛሬው ጽሑፌ ስለ እነዚህ ሦስት ዓምዶች ነው፤ የሁለት ዓመቱ ትምህርቴ ከሞላ ጎደል እዚያ ውስጥ ስላለ።

በመጀመሪያው ዓምድ ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፣ እኔም እዚሁ ነው የተሳሳትኩት። ዋጋ የተጻፈበት ገንዘብ መለኪያ ብቻ ነው። ጨርቅ በሜትር ለካነው በክንድ ለካነው ጨርቁ አይረዝምም። ይህን በቃል ተነግሮኝ አላመንኩም፣ ስለዚህ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። እናንተም ወረቀት ይዛችሁ ተከተሉኝ።

የአውሮፓው ፈንድ አንድ ድርሻ 100 ዩሮ ነው እንበል። አንድ ዩሮ 1.20 ዶላር፣ አንድ ዶላር ደግሞ 10 የአገሬ ገንዘብ ነው። ይኸው ፈንድ በሁለት መልክ ይሸጣል፤ በዩሮ 100፣ በዶላር 120። በአገሬ ገንዘብ ሁለቱም 1,200 ናቸው። ዓመት አለፈ። ድርጅቶቹ ባሉበት ቆሙ፣ ድርሻው አሁንም 100 ዩሮ ነው። ግን ዩሮ ወርዶ 1.08 ዶላር ሆነ፣ የአገሬ ገንዘብም ወርዶ አንድ ዶላር 14 ገባ። በዶላር የሚሸጠው ፈንድ ዋጋ አሁን 108 ነው፤ በ14 ሲባዛ 1,512። በዩሮ የሚሸጠውስ? አንድ ዩሮ 1.08 ሲባዛ በ14፣ ማለትም 15.12 ነው፤ በ100 ሲባዛ ያው 1,512። አንድ ሳንቲም ልዩነት የለውም። እውነተኛ የዶላር ንብረት ይዤ ቢሆን ኖሮ፣ 120 ዶላሩ ባለበት ቢቆም፣ 1,680 ይሆን ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው 168 የዩሮ መውረድ ነው። "ዶላር ነው የያዝኩት" ስል የያዝኩት ዩሮ ነበር ማለት ነው።

ዩሮ መያዝ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። እንዲያውም ከአንድ ምንዛሪ በላይ መያዝ ነው የፈለግኩት። ችግሩ የያዝኩትን አለማወቄ ነበር። ስለዚህ አሁን ፈንድ ስገዛ መጀመሪያ የማየው የአገሮች ዝርዝር የተቀመጠበትን ሰነድ ነው። "ዓለም አቀፍ" የሚል ስም ያላቸው የበለጸጉ አገሮች ፈንዶች ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ በላዩ የአሜሪካ ነው። እርግጥ የአሜሪካ ትልልቅ ድርጅቶችም ከመላው ዓለም ስለሚያተርፉ ሁለተኛውን ዓምድ በትክክል መሙላት አይቻልም። እኔ በግምት ነው የምሞላው፤ ግምቱም ከምንም ይሻላል።

ሦስተኛው ዓምድ፣ ቁልፉ ያለበት አገር፣ እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው። አርጀንቲና ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2001 መጨረሻ የሆነውን ያነበብኩት ያኔ ነው። ሰዎች ፔሶ ያሰጋናል ብለው ገንዘባቸውን አገር ውስጥ ባሉ ባንኮች በዶላር አስቀምጠው ነበር። በታኅሣሥ 2001 መንግሥት ከባንክ የሚወጣውን ጥሬ ገንዘብ በሳምንት 250 ፔሶ ላይ ገደበ። በ2002 መጀመሪያ ደግሞ በዶላር የተቀመጠው ሁሉ በ1.40 ፔሶ ሒሳብ ወደ ፔሶ እንዲቀየር ተደረገ። በዚያው ዓመት አጋማሽ ገበያው ላይ አንድ ዶላር ከ3 ፔሶ በላይ ነበር። ምንዛሪውን በትክክል ገምተው ነበር፤ ቁልፉ ግን እዚያው አገር ውስጥ ነበር። ከ2019 በኋላ ሊባኖስ ውስጥም በዶላር ያስቀመጡ ሰዎች ገንዘባቸውን እንደ ልብ ማውጣት አቅቷቸው ነበር።

ከዚያ ቦንዴን ተመለከትኩ። በዶላር ነው የሚከፍለኝ፣ ግን ከፋዩ የአገሬ መንግሥት ነው። መንግሥት ዶላሩን የሚያገኘው ከየት ነው? የአገሬን ገንዘብ ከሚያወርደው ያው የዶላር እጥረት ጋር ነው የሚታገለው። ስሪላንካን እዩ። በመጋቢት 2022 አንድ ዶላር በ200 ሩፒ አካባቢ ይዘውት የነበረውን ምንዛሪ ለገበያው ለቀቁት፣ በሳምንታት ውስጥ ከ300 ሩፒ አለፈ። በሚያዝያ የውጭ ዕዳ መክፈል አቆሙ። ሁለቱ አደጋዎች ተያይዘው ነው የመጡት። ቦንዱ ሊጠብቀኝ በሚገባው ቀን ነው የሚከዳኝ ማለት ነው። ቦንዱን ሸጥኩት፤ ዋጋው ስለወረደ ትንሽ ከስሬ ነው የወጣሁት።

እግረ መንገዴን ደመወዜንም ደብተሩ ላይ ጻፍኩት። ሦስቱም ዓምድ ላይ የአገሬ ነው። ቤት ያለውም ሰው ቤቱን እንዲሁ ይጻፍ። እኔ ደመወዜን ስጨምርበት፣ ከሀብቴ ላይ የውጭ የምለው ከጠበቅኩት በጣም ያነሰ ሆኖ አገኘሁት።

የውጭ ቁልፍም የራሱ ሕግ አለው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ዘግይቼ ነው ያወቅኩት። የአሜሪካ ዜጋ ወይም ነዋሪ ያልሆነ ሰው የአሜሪካ አክሲዮን ወይም እዚያ የተመዘገበ ፈንድ በቀጥታ ከያዘ፣ አገሩ ከአሜሪካ ጋር የግብር ስምምነት ከሌለው፣ ድርጅቶቹ ለባለድርሻ ከሚያከፋፍሉት ትርፍ፣ ከዲቪደንዱ፣ 30 በመቶ ይቆረጥበታል። ባለቤቱ ከሞተ ደግሞ ከ60,000 ዶላር በላይ ያለው ንብረት ላይ እስከ 40 በመቶ የሚደርስ የውርስ ግብር ሊመጣ ይችላል። አየርላንድ ውስጥ የተመዘገቡ ፈንዶች የያዙት የአሜሪካ አክሲዮን ዲቪደንድ ላይ የሚቆረጠው 15 በመቶ ነው፤ የውርሱ ግብርም ድርሻውን በያዘው ሰው ላይ አይመጣም። ብዙ ሰው እነሱን የሚመርጠው ለዚህ ነው። በአገራችሁ ሕግ ከውጭ ንብረት መግዛት የሚፈቀደው እስከ ምን ድረስ እንደሆነም አስቀድማችሁ አጣሩ። በጓሮ በር የወጣ ገንዘብ በፊት ለፊት በር አይመለስም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ስህተቴ ልለፍ፤ እሱ የመቁጠር ስህተት ነው። የመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ላይ ሂሳቤን አይቼ 26 በመቶ አተረፍኩ ብዬ ተደስቼ ነበር። ቁጥሩን አቅልዬ ላሳያችሁ። 100,000 የአገሬ ገንዘብ በ10 መንዝሬ 10,000 ዶላር አስገባሁ። የገዛሁት ነገር 10 በመቶ ወርዶ 9,000 ዶላር ሆነ። ዶላር 14 ስለገባ በአገሬ ገንዘብ 126,000 ነው። ትርፍ ይመስላል። ግን የኑሮ ዋጋ በዚያው ዓመት 30 በመቶ ንሯል፤ 100,000 የሚገዛውን ለመግዛት 130,000 ያስፈልጋል። ስለዚህ 3 በመቶ ገደማ ከስሬአለሁ። ባንክ በ15 በመቶ ወለድ ባስቀምጠው ደግሞ 115,000 ይሆንና ኪሳራዬ ከ11 በመቶ በላይ ይሆን ነበር። በዶላር፣ በአገሬ ገንዘብና በኑሮ ዋጋ የታዩት ሦስቱ ቁጥሮች ሦስት የተለያየ ወሬ ነው የሚያወሩት። አሁን በየሩብ ዓመቱ በሁለት መንገድ እጽፋለሁ፤ በዶላር፣ እና በኑሮ ዋጋ ተስተካክሎ። በአገሬ ገንዘብ ብቻ የተጻፈውን ቁጥር ማየት ትቻለሁ።

"ታዲያ ሁሉንም ዶላር አድርጎ መቀመጥ ነዋ!" የሚል ሰው አይጠፋም። እኔም አንድ ሰሞን እንዲህ ብዬ ነበር። ያስተወኝም አርጀንቲና ነው። በ2024 መጀመሪያ በትይዩ ገበያው አንድ ዶላር 1,000 ፔሶ አካባቢ ነበር፤ ዓመቱ ሲያልቅ 1,200 አካባቢ። የዓመቱ የዋጋ ንረት ግን 117.8 በመቶ ነበር። ዶላሩን ፍራሽ ሥር አስቀምጦ አገሩ ውስጥ የሚኖር ሰው የመግዛት አቅሙ ወደ ግማሽ ወረደበት። የአገር ገንዘብ ለዓመታት ከወረደ በኋላ እንዲህ ያለ ጊዜ ሊመጣ ይችላል፤ ምንዛሪው ቆሞ ዋጋ ብቻ ይሮጣል። ለዚህ ነው የስድስት ወር ወጪዬን በአገሬ ገንዘብ የምይዘው። ኪራዬ የሚከፈለው በሱ ነው፤ ምንዛሪው መጥፎ በሆነ ሳምንት ተገድጄ እንዳልመነዝርም ይጠብቀኛል። የተረፈው ደግሞ በአብዛኛው ሥራ የሚሠራ ንብረት ነው እንጂ ዝም ብሎ የተቀመጠ ዶላር አይደለም።

ስለ ወጪ አጭር ነገር። በየወሩ 100 ዶላር ወደ ደላላው ድርጅት በምልክበት ጊዜ የማስተላለፊያ ክፍያው 5 ዶላር ነበር፤ ገና ሳይጀመር 5 በመቶ ሄደ ማለት ነው። አሁን ሦስት ወር አጠራቅሜ 300 እልካለሁ፤ ክፍያው ያው 5 ስለሆነ ከ2 በመቶ በታች ወረደ። በመሃል የአገሬ ገንዘብ እየወረደ ስለሚሄድ ከሦስት ወር በላይ አላቆይም። በወር 1 በመቶ ከሚወርድ ገንዘብ ጋር ሲተያይ ሦስት ወር ሚዛኑን ይደፋል፤ በወር 4 በመቶ በሚወርድበት ሰሞን ግን ቶሎ መላኩ ያዋጣል።

በዚህ ሩብ ዓመት ደብተሬ ላይ አምስት መስመር አለ። የስድስት ወሩ ወጪ፣ ከባንኩ አውጥቼ ያልጨረስኩት የዶላር ሂሳብ፣ የአውሮፓው ፈንድ፣ አየርላንድ የተመዘገበ አንድ የዓለም ፈንድ፣ እና የአጭር ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት ቦንድ ፈንድ። ሦስተኛው ዓምድ ላይ ግን አሁንም አንድ ነገር ያሳስበኛል፤ ሦስቱም የውጭ ንብረቶች ያሉት በአንድ ደላላ ድርጅት እጅ ነው። የሚቀጥለውን 300 ሌላ አገር ባለ ሁለተኛ ደላላ ድርጅት በኩል ለመላክ ማመልከቻውን ሞልቻለሁ፤ የአድራሻ ማረጋገጫ ብቻ ነው የቀረኝ።