«አንድ በተን ናት» ለተባለ ሥራ የጻፍኩት ኢሜይል

ደንበኛዬ እህል በጅምላ ይሸጣሉ፤ አንዱ ሱቃቸው ደሴ፣ ሌላው ኮምቦልቻ ነው፣ መጋዘኑ ግን አንድ። የእህል መመዝገቢያ አፕ ሠርቼላቸው ሊለቀቅ ስምንት ቀን ሲቀረው ደወሉ። «ኔትወርክ ሲጠፋም ይሥራልኝ። አንድ በተን ናት አይደል?»

ሦስት ሳምንት እንደሚያዘገየን ጻፍኩላቸው። ኢሜይሌ «ሲንክ»፣ «ኮንፍሊክት»፣ «ሎካል ዳታቤዝ» በሚሉ ቃላት የታጨቀ ነበር። ማታ ደወሉ። «ልጄ፣ ብር ጨምር ለማለት ነው?» እውነታቸውን ነው፤ የጻፍኩት ለፕሮግራመር ጓደኛዬ እንጂ ለእሳቸው አልነበረም።

ሁለተኛውን በጤፍ ጻፍኩት፦

«ሐጂ፣ መጋዘን ውስጥ 10 ኩንታል ጤፍ አለ እንበል። ኔትወርክ ጠፋ። የደሴው ልጅ 7 ሸጦ ስልኩ ላይ 'ቀሪ 3' ብሎ ያዘ። የኮምቦልቻው 6 ሸጦ 'ቀሪ 4' አለ። ኔትወርክ ሲመለስ ኋላ የደረሰው የፊቱን ይደመስሰዋል። የኮምቦልቻው ኋላ ከደረሰ መዝገቡ 4 ኩንታል አለ ይልዎታል፤ የተሸጠው ግን 13 ነው። ስለዚህ ስልኮቹ ቀሪውን ሳይሆን እያንዳንዱን ሽያጭ እንዲልኩ አድርጌ መመዝገቢያውን እንደ አዲስ መሥራት አለብኝ። በተኗማ የአሥር ደቂቃ ሥራ ናት። አንድ ጥያቄ ግን ለእርስዎ ነው፤ ሳይኖር የተሸጠው 3 ኩንታል በማን ይመለስ?»

አንድ ነገር ሆን ብዬ ተውኩት። ስልኩ ሽያጩን ልኮ፣ ሰርቨሩም ተቀብሎ፣ «ደርሶኛል» የሚለው መልስ ሳይመለስ ኔትወርክ ከተቆረጠ ስልኩ መልሶ ይልካል፣ ሽያጩም ሁለቴ ይገባል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሽያጭ ገና ስልኩ ላይ ሲመዘገብ የራሱ መለያ ይሰጠዋል፤ ሰርቨሩ ያንን መለያ ቀድሞ ካየው አይደግመውም። ይሄ የእኔ ጣጣ ነው፣ እሳቸውን ምን አደከማቸው።

ጥያቄዬን ግን በአንድ ደቂቃ ፈቱት። «አብሽር። ለደሴ 6፣ ለኮምቦልቻ 4 መድብላቸው። ኔትወርክ ከሌለ ማንም ከድርሻው አይለፍ።» እኔ እኮ ሁለቱ ልጆች ሲጋጩ ሐጂ የሚፈርዱበት ገጽ፣ የደንበኛ ብር የሚመለስበት ሌላ ገጽ ልሠራ ነበር ያሰብኩት። ሁሉም ቀረ። ሦስቱ ሳምንት ወደ 12 ቀን ወረደ። ዋጋ አለው በርግጥ፤ ኮምቦልቻ ያልተሸጠ 4 ኩንታል እያለ ደሴ 6ቱን ከጨረሰ ኔትወርክ እስኪመጣ ቁጭ ይላል። ይህንንም ጻፍኩላቸው፣ «ይቀመጥ» አሉ።

አሁን ቀን የሚያስረዝም ነገር ሲጠየቅ ከቀኑ በፊት በራሱ በደንበኛው ዕቃ አንድ ምሳሌ አስልቼ እጽፋለሁ፣ እሱ ብቻ የሚመልሰውን ጥያቄም መጨረሻ ላይ አስቀምጣለሁ።

አፑ በተለቀቀ በሁለተኛው ሳምንት የደሴው ልጅ ድርሻውን ጨረሰ። ኢንተርኔት የለም፣ ስልክ ግን ይሠራል፤ ሐጂ ኮምቦልቻ ደውለው 2 ኩንታል አስለቀቁለት፣ አፑ ግን እምቢ አለ። ወዲያው ለእኔ ደወሉ። «ድርሻ ማዛወሪያ ጨምርልኝ። አንድ በተን ናት።»