የፈረንጁ እጅና የደሴ ንፍሮ

ደሴ ላይ ንፍሮ ለምን ይዘገያል የሚለውን ለ9ኛ ክፍል ልጆች በዋይትቦርድ አኒሜሽን፣ ማለትም እጅ ነጭ ሰሌዳ ላይ ሲስል በሚያሳይ ቪዲዮ፣ ላስተምር ብዬ የተዋረድኩትን ልንገራችሁማ። ነገሩ ቀላል ነው፣ ከፍ ባልን ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፣ ስለዚህ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል፣ ኮምቦልቻ 94 ገደማ፣ ደሴ 92 ገደማ። ከፈላ በኋላ ከሰሉን ብትቆልሉበትም ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም፣ ባቄላው በዛችው 92 ነው የሚታገለው።

እኔ ሆዬ ስክሪፕቱን እንደ ደብዳቤ ወጥ አድርጌ ጻፍኩ፣ ድምፄን ባንዴ ቀዳሁ፣ ከዛ ስዕል ፍለጋ ገባሁ። ምድጃ ላይ የተጣደ ድስት ፎቶ አግኝቼ አፑ ራሱ ወደ መስመር እንዲቀይረው አደረግኩ። ለዓይን ያው ድስት ነው፣ ውስጡ ግን ከ600 በላይ ቁርጥራጭ መስመር ሆኗል፣ እጁ ደግሞ እያንዳንዷን ካልነካ አይላቀቅም። ዓረፍተ ነገሬ 9 ሰከንድ ናት!

ክፍል ውስጥ ከፈትኩት። እጁ ንብ እንደወረረው ሰው ይራወጣል፣ መጀመሪያ የክዳኑን ጥላ፣ ከዛ እንፋሎቱን፣ እሳቱን መጨረሻ ላይ። ወላሂ ውሃው ሳይጣድ ፈላ። አንዱ "ቲቸር፣ እጁን ምን ነክቶት ነው?" አለ፣ ከኋላ ያለችው ደግሞ "ፈረንጅ እኮ ነው፣ ድስት መች ያውቃል!" አፑ ይዞት የመጣው እጅ ነጭ፣ ኮት የለበሰ ነበር ለካ፣ እኔ ልብ አላልኩትም። ሳቁ ሲበርድ ደሴ ላይ ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል ብዬ ብጠይቅ ጭጭ። ሁሉም ሲያይ የነበረው እጁን ነው።

ማታውን እንደ አዲስ ጀመርኩ። ስክሪፕቱን ቆራረጥኩት፣ ለአንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ስዕል። ድስቱን ራሴ በ11 መስመር ሳልኩት፣ በቅደም ተከተል፣ እሳት፣ ምድጃ፣ ድስት፣ ውሃ። ድስት ሁሉም ቤት አለ፣ በ2 ሰከንድ ፈጠን ብሎ ይሳል። ውሃውን ከላይ የሚጫኑት የአየር ቀስቶች ግን ለልጆቹ አዲስ ናቸው፣ ስለዚህ እነሱን ቀስ፣ አንድ በአንድ፣ ለኮምቦልቻ 5 ለደሴ 4፣ "ግፊቱ አነሰ" የምትለዋ ቃል ከመምጣቷ በፊት እንዲያልቁ አድርጌ። ከዛ እጁ ይወጣና ሁለት ሰከንድ ምንም አይንቀሳቀስም፣ ዓይን ሌላ የሚያየው ሲያጣ ቀስቶቹን ይቆጥራል።

በነጋታው ልጆቹ ሳልጠይቃቸው "ታዲያ መርሳ ላይ ስንት ነው?" ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ቤት ሄጄ ለእናቴ በስልክ አሳየኋት። ዝም ብላ አየችውና "ክዳኑ ላይ ድንጋይ ጫኑበት ለማለት ነው ይህ ሁሉ?" አለችኝ።

ትንሽ ቆይታ ደግሞ "ያ ፈረንጅ ያልከኝ ሰውዬስ የታለ?"