ጉበት ኤታኖልን ለምን በቋሚ ፍጥነት ያስወግዳል? የሰሞኑ ጥናቴ

ባዮኬሚስትሪ አብራችሁኝ ለምታጠኑ፦ ሰሞኑን ኤታኖል ላይ ነኝ።

መንገዱ አጭር ነው። በጉበት ሴል ውስጥ አልኮል ዲሃይድሮጂኔዝ የተባለው ኢንዛይም ከኤታኖል ሃይድሮጅን ወስዶ አሴታልዲሃይድ ያደርገዋል። አሴታልዲሃይድ መርዛማ ነው፤ ሚቶኮንድሪያ ውስጥ ሌላ ኢንዛይም ቶሎ ተቀብሎ ወደ አሴቴት ይለውጠዋል። (ይህ ሁለተኛው ኢንዛይም በዘር ውርስ የደከመባቸው ሰዎች ጥቂት ሲጠጡ ፊታቸው የሚቀላው አሴታልዲሃይዱ ስለሚጠራቀም ነው።) አሴቴቱ አብዛኛው በደም ወደ ጡንቻና ወደ ልብ ሄዶ እዚያ ይቃጠላል፤ መጨረሻው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ነው።

እኔን የያዘኝ ግን የፍጥነቱ ጉዳይ ነው። በአንድ ሊትር ደም 1 ግራም ኤታኖል አለ እንበል፤ ወደ 22 ሚሊሞላር ገደማ መሆኑ ነው። በብዙ ሰዎች ዋናውን ሥራ የሚሠሩት የአልኮል ዲሃይድሮጂኔዝ ዓይነቶች ግን የፍጥነታቸውን ግማሽ ለማግኘት 1 ሚሊሞላር ወይም ከዚያ ያነሰ ይበቃቸዋል። ስለዚህ ኢንዛይሙ ሞልቷል፤ ኤታኖል ቢጨመርም ከዚህ በላይ አይፈጥንም።

ሌላም ማነቆ አለ። የሚወሰደውን ሃይድሮጅን የሚቀበለው ኤንኤዲ የተባለው ሞለኪውል ነው። ከኤታኖል እስከ አሴቴት ሁለት ኤንኤዲ ይያዛል፤ እንደገና ለሥራ የሚበቃው ደግሞ ሃይድሮጅኑን ለሚቶኮንድሪያ አስረክቦ ነው። ርክክቡ ሴሉ ኦክስጅን ከሚጠቀምበት ፍጥነት አያልፍም። ቡና ወይም ቀዝቃዛ ሻወር ደሙን የማያጠራው ለዚህ ነው፤ ሁለቱም እዚህ ቦታ አይደርሱም።

አሁን ስሌቱን እንየው። የብዙ ሰው ደም በሰዓት ከ0.10 እስከ 0.20 ግራም በሊትር ይቀንሳል፤ 0.15ን እንውሰድ። ከ1 ግራም ወደ 0.5 ለመውረድ 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይፈጃል። ከ2 ግራም ወደ 1 ለመውረድ ግን 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያስፈልጋል። እንደ አብዛኞቹ መድኃኒቶች ቢሆን ኖሮ ሁለቱም እኩል ጊዜ በወሰዱ ነበር። በየሰዓቱ የተለካ ደም ግራፍ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ሠርቶ ከወረደ፣ ኢንዛይሙ መሙላቱን የምናውቀው በዚህ ነው።

«ቋሚ» የምንለው ግን በግምት ነው። ምግብ የበላ ሰው ጉበት ትንሽ ይፈጥናል። አዘውትሮ ብዙ የሚጠጣ ሰው ደግሞ ሳይቶክሮም 2ኢ1 የተባለው ረዳት ኢንዛይም ስለሚበዛበት ከተለመደው ልክ ሊያልፍ ይችላል። ከታች በኩልም፣ ደሙ ውስጥ ከ0.2 ግራም በታች ሲቀር ኢንዛይሙ ሙሉ መሆኑ ይቀራል፤ መስመሩም ይታጠፋል። ስለዚህ ከአንድ የደም ናሙና ተነስቶ ከሰዓታት በፊት የነበረውን መጠን ወደ ኋላ የሚያሰላ ሰው፣ ናሙናው እዚህ ዝቅተኛ ክልል ውስጥ ከሆነ የ0.15ን ቁጥር እንዳለ ሊጠቀምበት አይችልም።